«ሰውነቴ አልቀበል አለ» ከማለታችሁ በፊት

ጂም ውስጥ ጀማሪዎችን ሳሠለጥን የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው። «ሁለት ወር ሙሉ ሠራሁ፣ ምንም ለውጥ የለም።» አብዛኞቹ ለውጥ አላቸው። የት እንደሚያዩት ግን አያውቁም።

የመጀመሪያው ስህተት ጉልበትን በመስታወት መፈለግ ነው። ጉልበትና የጡንቻ መጠን እኩል አይመጡም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሻሻለው በዋናነት የነርቭ ሥራ ነው። አእምሮ ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ይማራል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚሠራ ጀማሪ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ብረቱ ቀለል ይለዋል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ደግሞ የሚያነሳው ኪሎ ወይም የድግግሞሹ ብዛት በግልጽ ይጨምራል። መስታወት የሚያሳየው ለውጥ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት አለመጻፍ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ስንቱን ለመንኩ! አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ቀኑን፣ የሠራችሁትን፣ ኪሎውንና ስንት ጊዜ እንዳነሳችሁ ጻፉ። ያልጻፈ ሰው «አልተለወጥኩም» ሲለኝ የምመልሰው የለኝም፤ ከየት እንደተነሳ እሱም አያውቀውም።

አንድ ልጅ በአሥረኛው ሳምንቱ መጣ። «ጋሼ፣ የእኔ ሰውነት አይሆንለትም መሰለኝ» አለኝ። ፊቱ በጣም ከፍቶት ነበር። ቤንች ፕሬስ ስንት እንደሚያነሳ ጠየቅሁት። 40 ኪሎ፣ ሦስት ዙር፣ አሥር አሥር ጊዜ። መጀመሪያ ላይስ? «ያው 40። አሥረኛዋ ግን ታንቀጠቅጠኝ ነበር።» እዚያው አስተኛሁትና ሁለቱን ዙር እንደ ልማዱ ሠራ። በሦስተኛው ዙር ከአጠገቡ ቆሜ «እስኪያቅትህ ግፋ» አልኩት። 17 ጊዜ አነሳ! ጉልበቱ ጨምሯል፤ እሱ ግን ሁልጊዜ አሥር ላይ ስለሚያቆም አላየውም።

በሚቀጥለው ቀን 50 ኪሎ ጫንን። ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት ወጣለት። ኪሎውን ሳንነካ ድግግሞሹን ብቻ እያሳደግን በአምስተኛው ሳምንት ሦስቱንም ዙር አሥር አሥር ሞላ። ጂሙ ያለው ትንሹ ክብደት 2.5 ኪሎ ስለነበር በሁለቱም ጎን ሲገባ ጭማሪው 5 ኪሎ ይሆናል። ለጀማሪ ደረት ይህ ትልቅ ዝላይ ነው። ስለዚህ ወደ 55 ያለፍነው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ከደረሰ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ቀድሞ ማቆም ነው፤ የልጁም ችግር ይኸው ነበር። የመጨረሻው ዙር ሲያልቅ አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ብቻ የሚያስነሳ አቅም ይቅር። ሰባት ከቀረ ክብደቱ ቀሏል። ስትፈትሹት ግን ብቻችሁን ባር ሥር አትግቡ፣ ሰው ይቁምላችሁ።

ስፖርቱን በየሳምንቱ መቀያየር አራተኛው ነው። እኔም ስጀምር ይህን አድርጌ ግማሽ ዓመት አባክኛለሁ። ስምንት ሳምንት አንድ ፕሮግራም ያዙ።

ደብተሩ እያለ፣ ክብደቱም በቂ ሆኖ ስድስት ሳምንት ሙሉ ምንም ካልጨመረስ? ያኔ ወደ ምግብ እንሄዳለን። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ተመዘኑ። ሳታስቡት ኪሎ እየቀነሳችሁ ከሆነ ምግቡ አንሷል። በጾም ወቅት ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ እንጀራ በጎመንና በድንች ይበላል። ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ። የሚቻል ከሆነ ስፖርቱንም ወደ መብሊያው ሰዓት አስጠጉት። እንቅልፍም ከሰባት ሰዓት በታች ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ሥልጠና በሰው ሁሉ ላይ እኩል አይሠራም፤ ይህ እውነት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት 585 ሰዎችን ለ12 ሳምንት አንድ እጃቸውን አሠልጥኗል። ጉልበታቸው ከእጥፍ በላይ የጨመረ ነበሩ፣ ምንም ያልጨመረም ነበሩ። ሁሉም የሠሩት ግን አንድ ዓይነት ፕሮግራም ነው። ስለዚህ «አልቀበልም» ያለው ሰውነት ብዙ ጊዜ ያልተቀበለው ያንን መጠን ነው። በሳምንት ለአንድ ጡንቻ ስድስት ዙር ትሠሩ ከነበረ አሥር አድርጉትና ሌላ ስድስት ሳምንት መዝግቡ።

ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ፣ ተኝታችሁም ድካሙ የማይለቃችሁ ከሆነ ግን ዙር አትጨምሩ። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አድርጉ።