ቡስት ስታደርጉ ብሩ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች

«ሦስት ሺህ ብር አለኝ፤ ቡስት አድርግልኝ።» የሰዎችን የፌስቡክ ፖስት ከፍዬ ለብዙ ሰው ማሳየት፣ ማለትም ቡስት ማድረግ፣ ሥራዬ ነው፤ አብዛኛው የሚጀምረውም እንዲህ ነው። ከአንድ ሽያጭ ስንት እንደሚተርፍ፣ ገዢው ከየት ሰፈር እንደሚመጣ ማንም አያነሳም።

በጀት ከኪስ ሳይሆን ከትርፍ ነው የሚነሳው። ሰሚት አካባቢ ቤቷ ኬክ የምትጋግር ደንበኛ አለችኝ። ኬኩን 2,000 ብር ትሸጣለች፤ ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ ካርቶኑ ሲወጣ 600 ይተርፋታል። ኢንቦክሷን ከፍተን በቅርቡ ዋጋ የጠየቁ 30 ሰዎች ቆጠርን፤ ያዘዙት 5 ናቸው፣ ከስድስት አንድ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ መልእክት 100 ብር ካስወጣት ትርፏን ሙሉ ለማስታወቂያ ሰጠች። ጣሪያችንን 50 ላይ አደረግነው። በዚህ ሒሳብ 3,000 ብር 60 መልእክት፣ 60 መልእክት 10 ኬክ፣ 10 ኬክ 6,000 ብር ይሆናል፤ የማስታወቂያው ሲቀነስ 3,000 ይቀራታል። በቀን ከሁለት ኬክ በላይ ስለማትችል ብሩን በቀን 500 አድርገን ለስድስት ቀን ዘረጋነው። በመጀመሪያው ቀን ውድ ሆነ ብላችሁ አትነካኩት፤ ሦስተኛው ቀን ላይም መልእክቱ 90 ብር ከሆነ ግን አቁሙት።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። ቦታ ሲመረጥ «ኢትዮጵያ»! ሱቁ አንድ፣ ማድረሻው አንድ ሞተር፣ ማስታወቂያው ግን ከሞያሌ እስከ መቀሌ። ስናገር ያልሞከርኩት እንዳይመስላችሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። በጀመርኩበት ዓመት ለአንድ የሶፋ ሱቅ አገሩን ሙሉ ለቀቅኩት። ላይክ ከሺህ አለፈ፣ ባለሱቁ ለጓደኞቹ ስልኩን እያሳየ ይኩራራል። ኮሜንቱን ስናነብ «ጅማ ትልካላችሁ?»፣ «ሐዋሳ ቅርንጫፍ አላችሁ?» ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ አንድ ሶፋ ከሱቁ አልወጣም። የፌስቡክ ሲስተም አላጭበረበረንም፤ በፈቀድንለት ክልል ውስጥ በርካሽ ላይክ የሚያደርጉትን ፈልጎ አመጣልን። ሶፋው ጅማ እንደማይደርስ በምን ያውቃል?

«አዲስ አበባ» ብቻ ብሎ መምረጥም አያድንም። ከከተማው ስም ጎን ብዙ ጊዜ 40 ኪሎ ሜትር ዙሪያ አብሮ ይመጣል፤ ሰበታና ሱሉልታ ሁሉ ገቡ ማለት ነው። የከተማውን ስም አጥፉና ካርታው ላይ Drop pin በሚለው መርፌውን ሱቃችሁ ላይ ትከሉ፤ ከዚያ ዙሪያውን አጥብቡ። ለኬኳ 6 ኪሎ ሜትር አደረግን፤ አያት፣ ሲኤምሲ፣ ጎሮ፣ ገርጂ በቃት። ርቀቱን የምወስነው ደንበኛው ሳያጉረመርም በሚከፍለው የማድረሻ ዋጋ ነው። ክቡ በዚያ ሰሞን ያለፈውንም ሰው ስለሚይዝ፣ የፖስቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ሰሚት» ብላችሁ ጻፉ። የማይመጣው ሰው መልእክት ሳይልክ ይለፍ።

ይህን ስናገር ደግሞ ከልክ በላይ የሚያጠብቡ አሉ፦ 2 ኪሎ ሜትር፣ ሴቶች፣ ከ25 እስከ 30፣ ኬክ የሚወዱ፣ ሠርግ የሚወዱ... ከዚህ በኋላ የቀረው ሰው እፍኝ ነው፤ ያው ሰው ያንኑ ፎቶ እየደጋገመ ያያል። የፌስቡክ የማስታወቂያ መቆጣጠሪያ በሆነው Ads Manager ውስጥ፣ አንድ ሰው ማስታወቂያውን በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየ የሚያሳየው Frequency የሚለው ቁጥር በጥቂት ቀን አራት አምስት ከደረሰ ምልክቱ ያ ነው። ለትንሽ በጀት ቦታና ሰፋ ያለ ዕድሜ ይበቃል።

«ዋጋ በኢንቦክስ» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉ። እያንዳንዱን መልእክት በብር እየገዛችሁ ዋጋውን ሰምቶ የሚጠፋውን ሰው ለምን ትገዛላችሁ?

የማስታወቂያውን ግብ ስትመርጡም ላይክ ሳይሆን መልእክት የሚያመጣውን ምረጡ። ሲስተሙ የሚያመጣው የጠየቃችሁትን ነው።

የዶላር ካርድ ስለሌለን ብዙዎቻችን በሰው በኩል እናስደርጋለን። ለሠራው ኮሚሽን መክፈል ተገቢ ነው፤ ችግሩ ከሰጣችሁት ብር ምን ያህሉ ማስታወቂያው ላይ እንደዋለ አለማወቃችሁ ነው። ከመጀመሩ በፊት ተነጋገሩ፣ ሲያልቅ የወጣውን ገንዘብ የሚያሳየውን Amount spent የሚለውን ቁጥር አሳዩኝ በሉ። ፓስወርድ አትስጡ፤ የገጹን ፈቃድ ብቻ ስጡት፣ ሲጨርስ አንሱት። ራሳችሁ የምትከፍሉ ደግሞ በአይፎን አፑ ሳይሆን በብሮውዘር አድርጉት፤ በአፑ በኩል ሲሆን የአፕል 30 በመቶ ክፍያ ሊጨመርበት ይችላል።

ኬክ ጋጋሪዋ በሦስተኛው ቀን አንድ መልእክት በ44 ብር እየመጣላት ነበር። በአራተኛው ቀን ማታ ደውላ አቁምልኝ አለች፤ የቅዳሜና የእሁዱ ትእዛዝ ሞልቷል። የተረፈውን 1,000 ብር ለሚቀጥለው ማክሰኞ አቆየነው።