ፊት ሳያሳዩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፦ የአንድ ደቂቃ የገንዘብ ምክር ቪዲዮ ስክሪፕት እንዴት ይጻፋል?

የመጀመሪያ ቪዲዮዬን ለአክስቴ ያሳየኋት ደብረ ማርቆስ ቤቷ ቡና እየተፈላ ነው። ስለ ዕቁብ የሠራሁት ነበር። ከነጻ የቪዲዮ ድረ ገጽ ያወረድኩት ሱፍ የለበሰ ፈረንጅ ጠረጴዛ ላይ ዶላር ይቆጥራል። ከላዩ በቀይ «ዕቁብ ያከስራል!» ይላል። አክስቴ ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችና «ይሄ ሰውዬ ደግሞ የማን ዕቁብተኛ ነው?» አለችኝ።

ምስሉ የኛ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ጽሑፉም ልክ እንዳልሆነ የገባኝ ግን ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላ ነው። ያንኑ ቪዲዮ እንደገና ስሠራው የሄድኩበትን መንገድ እዚህ ላሳያችሁ። ፊት የለውም፣ የሚናገር ሰውም የለውም። ያለው ምስል፣ ጽሑፍና ቀለል ያለ ሙዚቃ ብቻ ነው። ድምፅ የተውኩት ግቢያችን ውስጥ ባጃጅና ዶሮ ጸጥ የሚሉበት ሰዓት ስለሌለ ነው። በዚያ ላይ ታክሲ ውስጥ ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ የሚያየው ሰው ብዙ ነው።

1. ከስክሪፕቱ በፊት ስሌቱን ጨርሱ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከመክፈቻው ዓረፍተ ነገር ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ችግሩ መክፈቻው አንዴ ካማረ ቁጥሩን ወደሱ መጎተት ይጀመራል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ። የኔ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ዕጣው መጨረሻ ላይ የወጣለት ሰው፣ ብሩን ባንክ ቢያስቀምጥ ኖሮ ከሚያገኘው ወለድ ስንት ያጣል?

አሥር ሰው፣ በወር 1,000 ብር፣ ዕጣው 10,000 ብር ነው እንበል። ለወለዱ 7 ከመቶ ያዝኩ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ አድርጎት ነበርና ብዙ ሰው የሚያውቀው ቁጥር ነው። እናንተ ስትሠሩ ባንካችሁ በዚያ ቀን የሚከፍለውን ጠይቁ።

መጀመሪያ 10,000ን በ7 ከመቶ አባዛሁና 700 ብር አልኩ። ስህተት ነው። 700 ብር የሚገኘው 10,000 ብር ሙሉውን ዓመት ባንክ ቢቀመጥ ነው። ዕቁብተኛው ግን ብሩን በአንድ ቀን አልሰጠም። የመጀመሪያው 1,000 ብር 9 ወር ጠበቀ፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 7፣ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ምንም አልጠበቀም። ሲደመር 45 ወር ይሆናል። 1,000 ብር በ7 ከመቶ በወር 5 ብር ከ83 ሳንቲም ገደማ ያስገኛል። በ45 ወር ሲባዛ 262 ብር ከ50 ሳንቲም።

በቃ፣ «ያከስራል!» የሚለው መክፈቻ እዚህ ላይ ሞተ። በአሥር ወር 262 ብር ማጣት በወር 26 ብር ገደማ ነው። ይህን ክስረት ብሎ በቀይ መጻፍ ሰው ማስደንገጥ እንጂ ምክር አይደለም።

ስሌቱን ገልብጬ የመጀመሪያውን ባለዕጣ ስመለከት ደግሞ የተሻለ ነገር አገኘሁ። እሱ 1,000 ከፍሎ 10,000 ወሰደ። 9,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሮ በ9 ወር ይመልሳል ማለት ነው። ዕዳው በየወሩ በ1,000 እየቀነሰ ስለሚሄድ ድምሩ ያው 45 ወር ነው። ያንን ብር በዓመት 18 ከመቶ ወለድ ቢበደር ኖሮ 675 ብር ይከፍል ነበር። ቪዲዮው እንግዲህ የሁለቱ ሰዎች ሆነ፤ አንዱ ትንሽ ያጣል፣ ሌላው ከዚያ የበለጠ ያተርፋል።

2. ዘጠኝ ካርድ ጻፉ

ድምፅ በሌለው ቪዲዮ ስክሪፕት ማለት ስክሪን ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ነው። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ ምስል፣ በቀኝ ጽሑፍ። እያንዳንዱን መስመር እኔ ካርድ እለዋለሁ። አንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። ከስምንት ዘጠኝ ቃል ካለፈ ለሁለት ይከፈል።

ለአንድ ደቂቃ ዘጠኝ ካርድ ይበቃል። የእያንዳንዱን ጊዜ የምለካው ጽሑፉን በዝግታ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው። እኛ የጻፍነውን ስለምናውቀው ቶሎ እናነባለን፤ ተመልካቹ ግን ምስሉንም እያየ ነው። ብዙ ጊዜ 6 ወይም 7 ሰከንድ ይመጣል። ቁጥር ላለበት ካርድ አንድ ሰከንድ ጨምሩ።

የኔው ይኸውና፦

ካርድ 1። ምስል፦ የተጠቀለሉ ወረቀቶች በብርጭቆ ውስጥ፣ አንድ እጅ የመጨረሻውን ያወጣል። ጽሑፍ፦ «ዕጣችሁ መጨረሻ ወጣ። ስንት አጣችሁ?»

ካርድ 2። ምስል፦ ሰፌድ ላይ አሥር ሽምብራ። ጽሑፍ፦ «10 ሰው፣ በወር 1,000 ብር። ዕጣው 10,000 ብር።»

ካርድ 3። ምስል፦ እጅ አንዱን ሽምብራ ወደ ዳር ይገፋል። ጽሑፍ፦ «የመጀመሪያው 1,000 ብራችሁ 9 ወር ጠበቀ።»

ካርድ 4። ምስል፦ በፍጥነት የሚሄድ ደመና። ጽሑፍ፦ «ሁለተኛው 8 ወር፣ ሦስተኛው 7… የመጨረሻው ምንም።»

ካርድ 5። ምስል፦ ካልኩሌተር የሚጫን ጣት። ጽሑፍ፦ «ባንክ በዓመት 7 ከመቶ ቢከፍላችሁ ኖሮ፦»

ካርድ 6። ምስል፦ ጥቁር መደብ ብቻ። ጽሑፍ፦ «ያመለጣችሁ ወለድ 262 ብር ከ50።»

ካርድ 7። ምስል፦ እንደገና ሰፌዱ፤ አሥሩም ሽምብራ ወደ አንድ እጅ ይጠቃለላል። ጽሑፍ፦ «አንደኛ የደረሰውስ? 9,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ።»

ካርድ 8። ምስል፦ ሲኒ ላይ የሚቀዳ ቡና። ጽሑፍ፦ «በ18 ከመቶ ቢበደር ወለዱ 675 ብር ነበር።»

ካርድ 9። ምስል፦ ክረምት፣ ማሳ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ጽሑፍ፦ «የማዳበሪያ መግዣችሁን ግን ለዕጣ አትተዉት።»

የመጨረሻው ካርድ ብዙ አሳስቦኛል። «በጥበብ ቆጥቡ» ዓይነት ነገር ጽፌ ሰርዤዋለሁ። የጎጃም ገበሬ ዝናቡ ሲመጣ ማዳበሪያው እጁ ላይ መሆን አለበት፤ ዕጣው ለመስከረም ቢወጣለት ምን ያደርግለታል? ካርዱ ቀን ያለውን ወጪ ከዕጣ ጋር አታያይዙ ነው የሚለው። የእናንተ ተመልካች ነጋዴ ከሆነ ማዳበሪያውን በኪራይ ለውጡት።

ካርድ 6 ላይ «262 ብር» ብቻ ብዬ ጽፌ ነበር። መሃል ላይ ለደረሰ ተመልካች ግን ባዶ ቁጥር ምንም አይነግረውም። ቁጥሩ ምን እንደሆነ እዚያው ካርድ ላይ ይጻፍ።

3. የትኛውን ምስል ታወርዳላችሁ፣ የትኛውን ትቀርጻላችሁ?

ፔክስልስና ፒክሳቤይ በነጻ ማውረድ ይፈቅዳሉ፣ ስማቸውን መጥቀስም ግዴታ አይደለም። በእንግሊዝኛ ፈልጉ። `savings` ወይም `money` ብላችሁ ከጻፋችሁ ዶላርና የአሳማ ቅርጽ ያለው ገንዘብ ማጠራቀሚያ ይጎርፍላችኋል። ሐሳቡን ሳይሆን የሚታየውን ነገር ጻፉ፦ `clouds timelapse`፣ `hand calculator`፣ `pouring coffee`፣ `rain field`።

የኔ መለያ ይህ ነው። አገር የሌለውን ነገር አወርዳለሁ፤ ደመና፣ ዝናብ፣ ጣት፣ ቡና። አገር ያለውን ነገር ራሴ እቀርጻለሁ፤ ብር፣ ዕጣ፣ ሰፌድ፣ ገበያ። ካሌንደርም አገር አለው። ወር ማለፉን ለማሳየት ያወረድኩት ካሌንደር ላይ «January» ይል ነበር። እኛ ጋ ያ ወር ታኅሣሥና ጥር ተከፋፍለው የሚይዙት ነው። አወጣሁትና በደመና ተካሁት።

ሽምብራውን የቀረጽኩት ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ ስልኩን ሁለት የዕቃ ሣጥን ላይ ባስቀመጥኩት ማስመሪያ አስደግፌ ነው። ካሜራው ቁልቁል ያያል፣ የሚገባው እጅ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቀረጻ ከሚያስፈልገው በ3 ሰከንድ አስረዝሙት፤ ጽሑፉ ሳይነበብ ምስሉ ሲያልቅ ነው ሥራው የሚበላሸው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፊቱ የሚለይ ሰው ያለበትን የወረደ ቪዲዮ «ዕዳ» ወይም «ኪሳራ» ከሚል ጽሑፍ ሥር አታድርጉ። የፔክስልስ ፈቃድ ራሱ ሰውን በመጥፎ መልክ ማሳየትን ይከለክላል። ያ ሰው ባለዕዳ አይደለም፣ ተቀርጾ የሄደ ሰው ነው።

ራስን መቅረጹ ሌላም ጥቅም አለው። ዩቲዩብ ገቢ በማያስገኙ ቪዲዮዎች ምሳሌ ውስጥ፣ ትረካም ሆነ ትምህርታዊ ፋይዳ የሌላቸው የምስል ድርድሮችንና የሚንሸራተቱ ጽሑፎችን ይጠቅሳል። የኛ ዓይነት ቪዲዮ ለዚያ መስመር ቅርብ ነው። የራሳችሁ ስሌትና የራሳችሁ ቀረጻ ነው ከዚያ የሚያርቃችሁ።

4. ፊደሉ ስልክ ላይ እንዴት ይታያል?

ኤዲተሩ ላይ የመረጣችሁት ፎንት ግዕዝ ከሌለው ፊደሎቹ ባዶ አራት ማዕዘን ይሆናሉ። Noto Sans Ethiopic ነጻ ነው፤ ወፍራሙን አውርዳችሁ ፎንት ማስገባት በሚፈቅድ ኤዲተር ተጠቀሙ። ቀጭኑ ዝናብ ላይ አይነበብም። ነጭ ፊደል አድርጉና ከኋላው ደብዘዝ ያለ ጥቁር ሣጥን ጨምሩ።

ጽሑፉን ስክሪኑ መካከል አስቀምጡት። አጭር ቪዲዮ ላይ ታችኛውን ክፍል ርዕሱ፣ ቀኝ ጎኑን ደግሞ የላይክና የኮሜንት ምልክቶች ይሸፍኑታል። መስመር ሲሰበር ቁጥሩና «ብር» እንዳይለያዩ፤ «9,000» ላይኛው መስመር ቀርቶ «ብር» ብቻውን ታች ሲወርድ ዓይን ይደናበራል። ካርድ 5 ሥር በትንሽ ፊደል ወለዱን የጠየቃችሁበትን ወርና ዓመት ጻፉ። ቪዲዮው ከወለዱ በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

ሙዚቃ ከዩቲዩብ ኦዲዮ ላይብረሪ ውሰዱ፤ የታወቀ ዘፈን አትንኩ።

5. ከመልቀቃችሁ በፊት ለአንድ ሰው አሳዩ

ድምፁን አጥፉና አንዴ ብቻ አሳዩት። ከዚያ ስልኩን ተቀብላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «መጨረሻ የደረሰው ሰው ስንት አጣ?» 262 ገደማ ካለ አልፏል። 675 ካለ ካርድ 6 እና 8 ተምታተውበታል፤ በመሃላቸው ያለው ካርድ 7 ይርዘም። «ምን ነበር?» ካለ ችግሩ ካርድ 2 ላይ ነው፤ ሰውየው ዕቁቡ የስንት እንደሆነ ሳይዝ ነው የቀጠለው።

እኔ እንደገና ለአክስቴ ነው የወሰድኩላት። ሽምብራውን ስታይ ሳቀች፣ ካርድ 6 ላይ ግን ዝም አለች። ስልኩን መለሰችልኝና «262 ብር ነው ያጣው? እኔስ መጨረሻ ቢደርሰኝ ነው የምወደው። ቀድሞ ከደረሰኝማ መቼ ይበረክታል ብለህ ነው፣ ልጄ» አለችኝ።

ይህችን ለሚቀጥለው ቪዲዮ ካርድ 1 ላይ ጽፌያታለሁ። ስሌቷ ገና ነው።