«Pending» ላይ የቀረ ትራንዛክሽን፦ የኢቴሪየም ክፍያ ለምን ይሰቀላል? ሲሰቀልስ ምን ይደረግ?

ይህ ስለ ኢቴሪየም ነው። ቢትኮይን አሠራሩ ሌላ ስለሆነ እዚህ ያነበባችሁትን እዚያ አትሞክሩት። አድራሻውን ሁለቴ አይታችኋል፣ ኢንተርኔታችሁ ይሠራል፣ ዋሌታችሁ ውስጥም ለጋስ ክፍያ የሚሆን ኢተር አለ ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ «20 ዶላር ልልክ 15 ዶላር ጠየቀኝ»

ኔትወርኩ ስንት ብር እንደምትልኩ ግድ የለውም። የሚያስከፍለው ለሥራው ነው፤ ሥራው ደግሞ በጋስ ይለካል። ኢተር ከሰው ወደ ሰው መላክ 21,000 ጋስ ነው፤ 5 ዶላርም ላኩ 5 ሚሊዮን ያው ነው። ዩኤስዲቲ ሲሆን ኮንትራት የሚባል ኔትወርኩ ላይ ያለ ፕሮግራም ስለሚያሠራ ወደ 65,000 ገደማ ይደርሳል። ይህ ቁጥር ብዙም አይንቀሳቀስም። ከፍ ዝቅ የሚለው የአንዷ ጋስ ዋጋ ነው። እሱ በጉዌይ ይቆጠራል፤ አንድ ኢተር 1 ቢሊዮን ጉዌይ ነው።

```
fee = gas used × (base fee + priority fee)
```

Priority fee ትራንዛክሽኖች የሚጠቀለሉበትን ብሎክ ለሚሠራው ቫሊዴተር የምትሰጡት ጉርሻ ነው። Base fee የተባለውን ግን ማንም አይወስደው፤ ይቃጠላል። እሱን የሚወስነው ሰው ሳይሆን ስሌት ነው። ስሌቱ የገባው እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2021 በለንደን ማሻሻያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየ12 ሰከንዱ አንድ ብሎክ ይወጣል። ብሎኩ የሚይዘው ጋስ ጣሪያ አለው፤ በለንደን ጊዜ 30 ሚሊዮን ነበር፣ በ2025 ደረጃ በደረጃ ወደ 60 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ስሌቱ የሚፈልገው ብሎኩ በግማሽ እንዲሞላ ነው። ልክ በግማሽ ከሞላ ዋጋው አይነቃነቅም። ጢም ብሎ ከሞላ የሚቀጥለው ብሎክ base fee በ12.5 በመቶ ይጨምራል። ባዶ ከሆነ በ12.5 በመቶ ይቀንሳል። በመሃል ያለው እንደ አሞላሉ ነው።

12.5 በመቶ ትንሽ ይመስላል አይደል? ስድስት ብሎክ በተከታታይ ከሞላ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ይህ 72 ሰከንድ ነው። ሃያ ብሎክ ከሞላ ከአሥር እጥፍ ያልፋል፤ ይህም አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ሻይ ልታፈሉ ተነስታችሁ ስትመለሱ ዋጋው ሌላ ሆኖ የሚጠብቃችሁ ለዚህ ነው።

መፍትሄው መጠበቅ ነው። አሜሪካና አውሮፓ አብረው ሥራ ላይ ሲሆኑ፣ ማለትም በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። ጠዋት አሜሪካ ተኝቶ ሳለ ይረክሳል። ቅዳሜና እሁድም ቀለል ይላል። መጠበቅ ካልቻላችሁ እንደ አርቢትረም ወይም ቤዝ ባሉ፣ በኢቴሪየም ላይ በተገነቡ ሁለተኛ ንብርብር ኔትወርኮች ላኩ፤ ከማርች 2024ቱ የዴንኩን ማሻሻያ ወዲህ እጅግ ረክሰዋል። ግን ተቀባዩ በዚያ ኔትወርክ መቀበል እንደሚችል ከመላካችሁ በፊት ጠይቁት። ከላካችሁ በኋላ የሚመጣ «አልገባልኝም» ብዙ ጊዜ መድኃኒት የለውም።

ምልክት፦ ከሰዓታት በኋላም «Pending» ይላል

አሁን ወደ ዋናው መጣን። እኔ ጋ ከሚመጣው አሥር ሰው ስምንቱ ይህን ይዞ ነው የሚመጣው።

ዋሌቱ ትራንዛክሽን ሲልክ Max fee የሚባል ጣሪያ ያስቀምጣል። «ለአንዷ ጋስ ከዚህ በላይ አልከፍልም» ማለት ነው። Base fee ከዚያ ጣሪያ በላይ ከሆነ ትራንዛክሽናችሁ ብሎክ ውስጥ መግባት አይችልም። ወድቆም አይደለም፣ ተሳክቶም አይደለም። ሜምፑል በሚባለው መጠበቂያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዋጋው እስኪወርድ ይጠብቃል። ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ቀንም ሊሆን ይችላል።

አንድ ወጣት የነበረውን ልንገራችሁ፤ የሁሉም ታሪክ የሱን ስለሚመስል ነው። ጠዋት ዋሌቱን ከፍቶ base fee 14 ጉዌይ መሆኑን አየ። ብልጥ ነኝ ብሎ Max feeውን በእጁ 15 አደረገው፣ ጉርሻውን 1። ዋሌቱ ያንን ምርጫ ያዘለት። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ዩኤስዲቲ ሲልክ base fee 38 ገብቶ ነበር። ዋሌቱም በቀይ ጽሑፍ አስጠንቅቆት ነበር፤ አላነበበውም። ቀይ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው መች አለ!

እዚህ ላይ ቢያቆም ቀላል ነበር። እሱ ግን «ሌላ ልላክ» አለ። ሁለተኛውን በጥሩ ክፍያ ላከ። ያም Pending። ሦስተኛውን ከዚያም በላይ ከፍሎ ላከ። ያም Pending። ከዚያ ደወለልኝ፤ «ኔትወርኩ ተበላሽቷል» ብሎ።

ኔትወርኩ ሰላም ነው። የተበላሸው ተራው ነው። ከአንድ አድራሻ የሚወጣ ትራንዛክሽን ሁሉ nonce የሚባል ተራ ቁጥር አለው፤ ኔትወርኩም ያንን ተራ አይዘልም። የመጀመሪያው 41 ከሆነ ቀጣዮቹ 42 እና 43 ናቸው። 41 ሳይገባ 42 አይገባም፤ 42 የዓለምን ወርቅ ቢከፍልም አይገባም። ስለዚህ አዲስ መላክ ችግሩን አይፈታም። ከኋላ ሰልፉን ያስረዝማል እንጂ። ይባስ ብሎ 41 የገባ ለት 42 እና 43 ተከታትለው ስለሚገቡ ያንኑ ገንዘብ ሦስቴ ልካችሁ ታገኙታላችሁ። ይህ ሲደርስ አይቻለሁ። የተቀባዩ ደግነት ካልሆነ የሚመልሰው የለም።

አፈታቱ ይኸውና።

መጀመሪያ አድራሻችሁን የኢቴሪየም ትራንዛክሽኖችን በሚያሳየው ድረ ገጽ በኢተርስካን ላይ ፈልጉና Pending ካሉት ሁሉ ዝቅተኛ nonce ያለውን ለዩ። ሰልፉን የዘጋው እሱ ነው፤ የምታፋጥኑት እሱን ብቻ ነው። ከኋላው ያሉት ያንኑ ክፍያ የደገሙ ከሆኑ ግን እሱን ከማፋጠናችሁ በፊት ከታች በምነግራችሁ Cancel ሰርዟቸው።

ከዚያ በዋሌቱ ላይ Speed Up ንኩ። የሚሆነው በዚያው nonce አዲስ ትራንዛክሽን መላክ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚገባው። ግን ኖዶቹ፣ ማለትም ኔትወርኩን የሚያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሮች፣ ምትኩን የሚቀበሉት ክፍያው ከቀድሞው ቢያንስ በ10 በመቶ ሲበልጥ ነው። Max feeውም priority feeውም፣ ሁለቱም መጨመር አለባቸው። አንዱን ብቻ ከጨመራችሁ `replacement transaction underpriced` ይላችኋል። ያ ልጅ Max feeውን ወደ 60 አሳድጎ ጉርሻውን እዛው 1 ላይ ስለተወው ደጋግሞ ይመታበት የነበረው ይህ መልእክት ነው።

ስንት ይሁን? የአሁኑን base fee በሁለት አባዙና ጉርሻውን ጨምሩበት። Base fee 38 ከሆነ 76 ላይ 2 ጨምሩ፤ Max feeው 78 ይሆናል። አትደንግጡ፣ 78 አትከፍሉም። የምትከፍሉት ብሎኩ ላይ ያለውን base fee እና ጉርሻውን ብቻ ነው፤ ትርፉ እናንተው ጋ ይቀራል። በዚያ ልጅ ትራንዛክሽን ላይ 65,000 ጋስ በ40 ጉዌይ 2,600,000 ጉዌይ ሆነ፤ 0.0026 ኢተር ማለት ነው። በሁለት ያባዛነው ስድስት ብሎክ በተከታታይ ቢሞላ እንኳ ከጣሪያው እንዳይወጣ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ዋሌቱ ውስጥ የሚፈለገው ቀሪ ሒሳብ የሚሰላው በጣሪያው ነው። ለ65,000 ጋስ በ78 ጉዌይ 0.00507 ኢተር መኖር አለበት። ከሌለ `insufficient funds` ይመጣል፤ ከዚያ ግማሹ ብቻ የሚቆረጥ ቢሆንም።

መላኩን ከነጭራሹ ከተዋችሁት Cancel አለ። ግን Cancel መደምሰስ አይደለም። በዚያው nonce ለራሳችሁ 0 ኢተር መላክ ነው፤ 21,000 ጋስ ያስከፍላል፣ የ10 በመቶው ሕግም ይሠራበታል። ዋናው ቀድሞ ከገባ Cancelኡ `nonce too low` ይላል፤ ያኔ ገንዘቡ ሄዷል ማለት ነው። ለልጁም ያደረግነው ይህንን ነው፦ 41ን አፋጠንን፣ 42 እና 43ን ግን ገና ሳይገቡ Cancel አደረግን። መጀመሪያ 42ን እና 43ን ነው የሰረዝነው፤ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። 41ን ቀድማችሁ ካፋጠናችሁ ሌሎቹ ተከትለው ይገባሉ።

አሁን ማስጠንቀቂያ። «የቆመ ትራንዛክሽን እናስለቅቃለን» የሚሉ ገጾችና የቴሌግራም «ድጋፍ ሰጪዎች» ሞልተዋል። ዋሌታችሁን የሚከፍቱትን 12 ሚስጥራዊ የማስመለሻ ቃላት ይጠይቋችኋል። አትስጡ። ትራንዛክሽን ለማፋጠን የማንም 12 ቃል አያስፈልግም። ለእኔም አትላኩልኝ። ስክሪንሾት አንስታችሁም አትላኩ። ቃላቱን የሰጠ ሰው የቆመው ትራንዛክሽን ብቻ ሳይሆን ዋሌቱ በሙሉ ነው የሚሄድበት።

ምልክት፦ «Failed» ይላል፣ ጋሱ ግን ተቆርጧል

ትክክል ነው፣ ይቆረጣል። ቫሊዴተሩ ኮዱን አሂዶታል፤ አልተሳካም እንጂ ሥራው ተሠርቷል። ምክንያቱ `out of gas` ከሆነ ትራንዛክሽኑ ሊጠቀም የሚችለውን የጋስ ብዛት ጣሪያ፣ Gas limitኡን፣ ብዙ ጊዜ በእጃችሁ ዝቅ አድርጋችሁታል። ዋሌቱ ያሰላውን አትንኩ። Gas limitን መጨመርም ትራንዛክሽኑን አያፈጥነውም፤ የሚያፈጥነው የአንዷ ጋስ ዋጋ ነው። ምክንያቱ `reverted` ከሆነ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ቀድሟችኋል። በኤፕሪል 2022 ማብቂያ የኦዘርሳይድ ምናባዊ መሬት ሲሸጥ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተረባርቦ base feeው በሺዎች ጉዌይ ደረሰ። ብዙዎች በሺዎች ዶላር ለጋስ ብቻ ከፈሉ፤ ከነሱም አንዳንዶቹ መሬቱን ሳያገኙ ቀሩ። ሻጩ ለከሸፈባቸው ጋሱን መለሰላቸው፤ ኔትወርኩ ግን በራሱ አይመልስም። እንዲህ ያለ ሽያጭ ካለ፣ እናንተ ደግሞ ለቤተሰብ ገንዘብ ለመላክ ከሆነ የከፈታችሁት፣ ዋሌቱን ዝጉትና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ብሎኮቹ ባዶ እስከሆኑ ድረስ ዋጋው በስድስት ብሎክ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ትንንሾቹ

ትራንዛክሽኑ ከኢተርስካን ላይ ጠፋ፦ ሜምፑሉ ሞልቶ ዝቅተኛ ክፍያ ያላቸውን ጥሏል፤ ገንዘቡ እናንተው ጋ ነው፣ ግን አንዳንድ ኖድ ጋ ሊኖር ስለሚችል እንደገና ስትልኩ በዚያው nonce ላኩ።

Speed Up ቁልፉ አይታይም፦ ዋሌቱን አጥፍታችሁ ስትጭኑ ታሪኩ ጠፍቷል፤ በላቁ ቅንብሮች ውስጥ nonceን በእጅ መጻፍ የሚያስችለውን አብሩና የቆመውን ቁጥር ጻፉ።

ከገንዘብ መለዋወጫ መተግበሪያ ነው የላክሁት፦ እንግዲያው nonceው የእናንተ አይደለም፤ የነሱን ድጋፍ መጠየቅ ብቻ ነው ያላችሁ።