ተገልጋይ ዝም ሲል፦ አዲስ አማካሪዎችን ስናሠለጥን የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ለሥነ ልቦና አማካሪነት ከሚሠለጥኑ ወጣቶች መካከል ልቅሶ ቤት ገብቶ ሳይናገር መቀመጥ የሚከብደው አላየሁም። ሐዘንተኛዋ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ስታለቅስ ያለቅሳሉ፣ ዝም ስትል ዝም ይላሉ። እነዚሁ ልጆች የምክር ክፍል ገብተው በሩ ሲዘጋ ግን አምስት ሰከንድ ይረዝምባቸዋል። ልቅሶ ቤት ማንም ውጤት አይጠብቅባቸውም፤ እዚህ ባለሙያ ተብለው ተቀምጠዋል፤ ባለሙያ ደግሞ የሆነ ነገር ማድረግ ያለበት ይመስላቸዋል። ችግሩ አፋቸው ላይ አይደለም። ዝምታው ሲጀምር ሐሳባቸው ከተገልጋዩ ተነሥቶ ወደ ራሳቸው ይሄዳል። የክሊኒካል ሱፐርቫይዘር ሥራ ይህን ጉዞ ለሠልጣኙ ማሳየትና መመለሻውን ማለማመድ ነው። ብዙዎቻችን ግን የምናስተምረው ሌላ ነገር ነው።

"ዝም በዪ" ብሎ ማዘዝ

"ከመናገርሽ በፊት እስከ ሃያ ቁጠሪ" የሚል ምክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ትእዛዙ ይፈጸማል፤ ልጅቷ ትቆጥራለች። ተገልጋይዋ ቀና ስትል ግን የምታየው የደረቀ ፊት ነው፤ "ምን አጠፋሁ?" ብላ ትሸማቀቃለች። እንዲህ ያለው ዝምታ ከመናገር የባሰ ነው፤ አማካሪዋ ክፍሉ ውስጥ የለችምና።

ይልቅ ሦስት ሆነው ይለማመዱ። አንዱ ከራሱ ሕይወት ቀላል ግን እውነተኛ ነገር ጀምሮ መሐል ላይ ያቆማል፤ ሁለተኛው አማካሪ ይሆናል፤ ሦስተኛው ሰዓት ይይዛል። አማካሪው ማድረግ ያለበት በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ እግሩ ወለሉን ሲነካ ይሰማው፤ ቀጥሎ የራሱን ትንፋሽ አንድ ጊዜ ያስተውል፤ ከዚያ ተገልጋዩ የተናገረውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በልቡ ይድገም፣ የተገልጋዩንም እጅና አተነፋፈስ ይመልከት። ሐሳቡ ሲሸሽ ከእግሩ ይጀምር። በሠላሳ ሰከንድ ይጀመራል፤ ወደ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ሁለት ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሁለቱም ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደ ነበር ገምተው ይጻፉ። ብዙውን ጊዜ የአማካሪው ግምት ከተገልጋዩ ይረዝማል። ይህን በገዛ እጁ ጽፎ ያየ ሠልጣኝ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለ ዐይንም ልጨምር። ከውጭ የመጡ የሥልጠና ጽሑፎች ዐይን ለዐይን መተያየትን ያበረታታሉ። እኛ ዘንድ የሃያ አራት ዓመት ልጅ አንድ አዛውንት ላይ ዐይኗን ተክላ አንድ ደቂቃ ከቆየች ድፍረት ነው። ዐይኗን እጃቸው ወይም ትከሻቸው አካባቢ ታሳርፍ፤ ቀና ሲሉ ቀና ትበል። እስክሪብቶዋንም ታስቀምጥ።

በአማካሪዋ ትዝታ ብቻ መፍረድ

አብዛኛው ሱፐርቪዥን የሚካሄደው በትዝታ ነው። ሠልጣኟ የሆነውን ትተርካለች፣ እኛ እንመክራለን። ዝምታን በተመለከተ ይህ አይሠራም፤ የጨነቀው ሰው ሰዓት ሊመጥን አይችልምና።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ማንም እንዳይታወቅ ከበርካታ ገጠመኞች አውጣጥቼ ያዋቀርኩት ነው። ሃምሳ ዓመት የተጠጉ እናት ናቸው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ከወጣ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል። እንቅልፍና ምግብ ስላጡ ነው ወደ ምክር አገልግሎት የተላኩት። በሁለተኛው ቀጠሮ አማካሪዋ፣ "ልጅዎ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው መቼ ነው?" ስትል ጠየቀች። "የጥምቀት ማግስት ነው። ያን ቀን ስልኩ…" አሉና አቆሙ። አማካሪዋ፣ "አይዞዎት እናቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ይደውላል" አለች። "አዎ ልጄ፣ ተመስገን" አሉ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለ እንቅልፍ ብቻ ነበር።

ወደ ሱፐርቪዥን ስትመጣ፣ "ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም አሉ፤ ምንም ብጠብቅ አልተናገሩም" አለች። ቀረጻው ሲከፈት ዝምታው ሰባት ሰከንድ ነበር። እዚህ ላይ "አየሽ?" ማለት ያምራል፤ ግን ምንም አያስተምርም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኖርማን ኬገን ያዳበረው ዘዴ ይሻላል። ቀረጻውን የሚያስቆመው ሠልጣኙ ራሱ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ አያርምም፣ በዚያች ቅጽበት በውስጡ ምን እንዳለፈ ብቻ ይጠይቃል።

"ያን ቀን ስልኩ" የሚለው ላይ አስቆመችው።

"እዚህ ላይ ምን ተሰማሽ?"

"ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲያስል ሰማሁ። የሚጠብቁ ብዙ ናቸው ብዬ አሰብኩ።"

"ከዚያስ?"

"ሊያለቅሱ ነው ብዬ ፈራሁ። እናቴን መሰሉኝ።"

"እጃቸው የት ነበር?"

"አላየሁም።"

የሚፈለገው ይህ መልስ ነው። ሰባቱ ሰከንድ የት እንደ ሄደ ታወቀ፤ ግማሹ ኮሪደር ላይ፣ ግማሹ እናቷ ቤት። "አይዞዎት" የተባለውም ሴትዮዋን ለማጽናናት ሳይሆን ራሷን ከፍርሃት ለማውጣት መሆኑን ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። "አይዞህ" መጥፎ ቃል አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ሲገባ ግን ጨዋ ሰው ምስጋና ከማቅረብ ሌላ የሚመልሰው የለውም፤ ወሬውም በዚያው ይዘጋል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አማካሪዋ ወደዚያው ተመለሰች፦ "ባለፈው ስለ ስልኩ ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር፤ እኔ አቋረጥኩዎት።" እናትየው እንደ ገና ዝም አሉ። ቀረጻው ላይ አርባ ስምንት ሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ያየችውን በዝርዝር መናገር ቻለች፦ የነጠላቸውን ጥለት ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉ ነበር፤ ትንፋሻቸው ከፍ ብሎ ቆመ፤ ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተነቃነቀ። ከዚያ፣ "ደውሎ ነበር። ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ አላነሳሁለትም" አሉ።

የሕመማቸው ዋና ነገር ያ ነበር፤ የልጁ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ያልተነሣው ስልክ። ይሁን እንጂ ለሠልጣኟ "ዝም ስላልሽ ተናገሩ" ብላችሁ አታጨብጭቡላት። ካጨበጨባችሁ በሚቀጥለው ተገልጋይ ላይ ዝምታን እንደ ወጥመድ ትዘረጋለች። በዚያ ቀን ባይናገሩም ኖሮ ያየችው በቂ ነበር።

ቀረጻ ሲባል ፈቃድ አለ። ማን እንደሚሰማው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ በግልጽ አማርኛ ይነገር። እምቢ ማለት አገልግሎቱን እንደማያስቀርም ይነገር፤ ካልተነገረ ብዙ ሰው በይሉኝታ ይፈቅዳል። በግል ስልክ ፈጽሞ አይቀረጽ።

ሁሉንም ዝምታ አንድ አድርጎ ማየት

ሃይዲ ሌቪት የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተገልጋዮችን የራሳቸውን ቀረጻ እያሰማች ጠይቃ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው ጥናት፣ ዝምታዎች እንደሚለያዩ አሳይታለች። አንዱ ስሜት ውስጥ መግባት ነው፤ ሌላው ማሰብ፤ ሌላው ቃል መፈለግ። ከሚያም ነገር መሸሽም አለ፤ "አማካሪዬ ምን ፈልጎብኝ ይሆን?" ብሎ መጨነቅም አለ። የመጀመሪያዎቹን መጠበቅ ይጠቅማል። የኋለኞቹን መጠበቅ ጭንቀቱን ያባብሳል።

እኛ ዘንድ ከእነዚህ ላይ የአክብሮት ዝምታ ይጨመራል። ከገጠር የመጣ ሰው "ዶክተር" ከሚለው ፊት ተቀምጦ ዝም ሲል እስኪጠየቅ መጠበቁ ሊሆን ይችላል። ጋቢውን ሰብስቦ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ አማካሪው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀና ይላል። ወደ ውስጡ የገባ ሰው ግን ዐይኑ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ትንፋሹ ይለዋወጣል፤ አማካሪው ቢንቀሳቀስም አያይም። ሠልጣኞችን ይህን ልዩነት በቀረጻ ብቻ ማስተማር አይቻልም። ፈቃድ ተጠይቆ ሱፐርቫይዘሩ አብሮ ቢቀመጥ ወይም በልምምድ ቢያሳያቸው ይሻላል። አክብሮት ሲሆን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጥያቄ መጠየቅ።

ጨርሶ የማይጠበቅ ዝምታም አለ። ተገልጋዩ ስለ ሞት ተናግሮ ዝም ካለ አማካሪው ይጠይቅ፦ "ራስዎን ስለ ማጥፋት አስበው ያውቃሉ?" በቀጥታ፣ በለሆሳስ ድምፅ። ዐይኑ ፈዝዞ ስሙ ሲጠራ የማይሰማ ከሆነ ያለፈ ጉዳት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ቀኑንና ያለበትን ቦታ እየነገሩ መመለስ ያስፈልጋል። ማንም ወደሌለበት ጥግ እየተመለከተ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ምናልባት ድምፅ ይሰማዋል፤ ለእርሱ ባዶ ጊዜ እርዳታ አይሆንም። እነዚህን ሦስቱን ሠልጣኙ የመጀመሪያውን ተገልጋይ ከማየቱ በፊት ይወቅ።

ሱፐርቪዥን ላይ ዝምታውን ራስ መሙላት

ይህ አጭር ነው። ሠልጣኟን "ምን ተሰማሽ?" ብለን ጠይቀን ሦስት ሰከንድ ስትቆይ መልሱን ራሳችን የምንነግራት ከሆነ፣ ሰኞ የነገርናትን ማክሰኞ ክፍሏ ውስጥ በእኛው መንገድ ትሠራዋለች። የራሳችሁን ሱፐርቪዥን አንድ ጊዜ ቀርጻችሁ ስሙ።

መውጫውን አለማስተማር

ዝምታ ውስጥ መቆየት የቻለ ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ሲወጣ ነው። "እሺ፣ ሌላስ?" ብሎ ይዘላል። በቃል የሚያዙ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ስጡት። ዝምታው ገና እየሠራ ከሆነ፣ "እዚሁ ነኝ፤ አይቸኩሉ።" ተገልጋዩ ራሱ ቀና ካለ፣ "አሁን ምን መጣብዎት?" መናገር ካልፈለገ፣ "ዛሬ ባይነግሩኝም ይሁን፤ መናገሩ ምን እንደሚያከብደው ብቻ ቢነግሩኝ?" በመጀመሪያው ቀጠሮ ደግሞ አስቀድሞ ይበል፦ "አንዳንዴ ዝም ልንል እንችላለን፤ ጥያቄ ስለጠፋኝ ወይም ስለተቆጣሁ አይደለም።" ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የአክብሮቱን ዝምታ በብዙ ታቀላለች።

ክፍሉም ይታሰብበት። ካርድ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው አርባኛው ሰከንድ ላይ ከገባ የሠለጠነው ሁሉ ከንቱ ነው፤ በሩ ላይ ምልክት ይሰቀል፣ ካርድ ክፍልና ጥበቃዎችም ይነገራቸው። የግድግዳው ሰዓት ከተገልጋዩ ወንበር ጀርባ ይሁን፤ አማካሪዋ አንገቷን ሳታዞር ታየዋለች። ቀጠሮው ሊያበቃ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከባድ ዝምታ ከጀመረ ደግሞ፣ "አሥር ደቂቃ አለን፤ አምስቱን እንዲሁ እንቀመጥ፣ አምስቱን ወደ ቤት ከመሄድዎ በፊት እንነጋገር" ብላ ትናገር።