የልጅዎ ገላ ሲያሳክክ፦ አለርጂ፣ እከክ ወይስ ጉድፍ?

ልጅ ገላውን ማከክ ሲጀምር ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ «እንቁላል ነው» ስትል ሌላዋ «ውሃ ተቀይሮበት ነው» ትላለች፤ ማምሻውን ከፋርማሲ ቅባት ተገዝቶ ይመጣል። ከቅባቱ በፊት ግን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ልጁን መከታተል ይሻላል።

መጀመሪያ ልጁን በመስኮት ብርሃን አጠገብ ልብሱን አውልቀው ይመልከቱ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በጣትዎ ይዳስሱ። ያበጠ ቦታ ሲያገኙ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ይክበቡትና በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በማግስቱ ክቡ ውስጥ ያለው ጠፍቶ እብጠቱ ሌላ ቦታ ከወጣ፣ ብዙውን ጊዜ አለርጂ የሚያመጣው ዓይነት ሽፍታ ነው። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ማስመለስ ከተደጋገመ ግን እስክሪብቶውን ይተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ።

ሽፍታው ከክቡ ያልጠፋ ከሆነ ትኩሳቱን ይለኩ። ጉድፍ ብዙ ጊዜ ትኩሳት ይዞ ይመጣል። ደረት፣ ጀርባና ፊት ላይ ጀምሮ ፀጉር ውስጥ ይገባል። መለያው አንድ አካባቢ ላይ አዲስ ነጥብ፣ ውሃ የቋጠረና የደረቀ ቅርፊት አብረው መታየታቸው ነው። ቅርፊቱ ሁሉ እስኪደርቅ ልጁ ትምህርት ቤት አይሂድ፤ ከነፍሰ ጡርም ይራቅ። ለትኩሳቱ አስፕሪን አይስጡት።

እከክን የምታጋልጠው ሌሊት ናት። አራት ኪሎ አካባቢ የምትኖር፣ ከአያቷ ጋር የምትተኛ የስድስት ዓመት ልጅ እናስብ። ቤታሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ ቅባት ተቀብታ ማሳከኩ ለጥቂት ቀን ረገብ አለ፤ ሽፍታው ግን ተስፋፋ። ቅባቱ ማሳከኩን ያደበዝዛል እንጂ እከክ የሚያመጣውን ተባይ አይገድልም። የተከበበው ቦታ በማግስቱ አልተለወጠም፣ ትኩሳትም የለም። ሽፍታው በጣቶቿ መካከል፣ በእጅ አንጓዋና በእምብርቷ ዙሪያ ሲሆን አንዳንዱ ቦታ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይታያል። ሲጠየቁ አያትየውም ሌሊት ሲያኩ ያድራሉ፤ «የእድሜ ነው» ብለው ዝም ብለው ነበር። ይህ እከክ ነው ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል።

እዚያ ፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት ከታዘዘ፣ ባያሳክካቸውም የቤቱ ሰዎች በሙሉ በአንድ ምሽት ይቀባሉ። ቅባቱ ከአንገት በታች መላ ሰውነት ላይ፣ ጥፍር ሥርም ጭምር ይቀባል፤ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ለጨቅላ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር አጠቃቀሙን የጤና ባለሙያው ይወስን። አንሶላና ልብስ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ከሦስት ቀን በላይ ይቀመጣል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ተባዩ ከሞተም በኋላ ማሳከኩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል «አልሠራም» ብለው ቅባቱን ይደጋግሙታል፤ ቆዳው ይቆጣና ይብሳል። ወደ ሐኪም መመለስ የሚያስፈልገው ከአራት ሳምንት በኋላም ካሳከከ፣ አዲስ ሽፍታ ከወጣ ወይም የታከከው ቦታ መግል ከያዘ ነው።