20,000 ሚሊአምፔር፣ እና ምን ይጠበስ? የሽያጭ ጽሑፍ ላይ የሚበዙ ስህተቶች

ቴሌግራም ላይ ፓወር ባንክ የሚሸጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጽፋል፦ «ኦሪጅናል ፓወር ባንክ፣ 20,000 ሚሊአምፔር፣ 22.5 ዋት፣ ዲጂታል ስክሪን ያለው። ዋጋ በውስጥ መስመር።» ውሸት የለበትም እንበል። ቢሆንም መብራት እየጠፋበት የተቸገረው ገዢ የሚፈልገውን ከዚህ ውስጥ አያገኝም። ይህንኑ ዕቃ ይዘን ስህተቶቹን እንያቸው።

ቁጥሩን ጽፎ ማቆም

እያንዳንዱን ባሕርይ ከጻፉ በኋላ በገዢው አፍ «እና ምን ይጠበስ?» ብለው ይጠይቁ። 20,000 ሚሊአምፔር ነው። እና ምን ይጠበስ? ስልክ ደጋግሞ ይሞላል። እና ምን ይጠበስ? ቅዳሜ ጠዋት መብራት ቢጠፋ እሑድ ማታም ስልክዎ አይዘጋም። መልሱ ገዢው ቤት ውስጥ የሚሆን፣ በዓይን የሚታይ ነገር ሲሆን እዚያ ላይ ይቁም።

ከዚያ አልፎ መሄድ

ሳያቆሙ የቀጠሉ ሰዎች «ሕይወትዎን ያቀላል» የሚለው ላይ ይደርሳሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ወስደው የጁስ መፍጫ ማስታወቂያ ላይ ይለጥፉት። እዚያም ከሠራ ስለ ፓወር ባንኩ ምንም አልተናገረምና ይሰረዝ።

በተሳሳተ ስሌት ቃል መግባት

ብዙ ሻጭ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። የስልኩ ባትሪ 5,000 ከሆነ 20,000ን ለ5,000 አካፍሎ «አራት ጊዜ ይሞላል» ይላል። አይሞላም። 20,000 የሚለው ቁጥር የተለካው በውስጡ ባሉት ባትሪዎች ቮልቴጅ፣ በ3.7 ቮልት ነው። በተለመደው የዩኤስቢ መውጫ ሲወጣ ግን ወደ 5 ቮልት ከፍ ይላል፤ በዚህ ጊዜ የተወሰነው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ስለዚህ ስሌቱን በዋት ሰዓት ይሥሩት። 20,000 በ3.7 ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 74 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ብክነቱን 15 በመቶ ብንለው 63 ገደማ ይቀራል። ባለ 5,000 ስልክ አንዴ ከባዶ ለመሙላት 19 ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 63 ለ19 ሲካፈል ሦስት ጊዜ ከትንሽ ይሆናል። አራት የተባለ ገዢ ሦስት ሲቆጥር ዕቃውን «ፌክ ነው» ይላል፤ ዕቃው ግን ጤነኛ ነው፣ ያሳሳተው ጽሑፉ ነው። ብዙ ጊዜ ከጀርባው በትንንሽ ፊደል በ5 ቮልት የሚሰጠው ትክክለኛ መጠን ተጽፏል፤ ሳያነቡ አይለጥፉ።

«ከሆነ» የሚለውን መደበቅ

22.5 ዋት ፈጣን ቻርጅ የሚሆነው ስልኩም ገመዱም ከተቀበሉት ነው። ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች ላይ ይህ ቁጥር የሚሠራው በአንደኛው መውጫ፣ ለተወሰኑ ስልኮች ብቻ ነው፤ የቀሩት ስልኮች ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ይሞላሉ። «ዋይፋይ ያሠራል?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። አብዛኛው የቤት ራውተር 12 ቮልት ስለሚፈልግ፣ ተራው የ5 ቮልት መውጫ ያለ ቮልቴጅ ማሳደጊያ ገመድ አያሠራውም። ይህን አስቀድሞ መጻፍ አንዳንድ ገዢ ያስቀራል፤ የሚቀረው ግን ነገ ዕቃውን ሊመልስ የሚመጣው ነው።

ጥቅሙን ጽፎ ቁጥሩን ማጥፋት

ጥቅም ብቻውን ሲቆም ወሬ ይመስላል። ቁጥሩ ከኋላው ማስረጃ ሆኖ ይቀመጥ። አንዳንዴም ራሱ ቁጥሩ ሌላ ጥቅም ይሰጣል፦ አየር መንገዶች በጥቅሉ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቀበሉት እስከ 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ወደ ዱባይ የሚሄድ ሰው ባለ 74ቱን በእጅ ሻንጣ ሊይዝ ይችላል። በሚጫነው ሻንጣ ግን አይፈቀድም።

ዋጋ በውስጥ መስመር

ዋጋ የሚደብቅ ሻጭ እንደየሰው የሚጠራ ይመስላል። ይጻፍ።

እንግዲህ ያው ዕቃ፣ ሁለተኛ ሲጻፍ፦

«ቅዳሜ መብራት ቢጠፋ እሑድም ስልክዎ አይዘጋም። ባለ 5,000 ባትሪ ስልክ ሦስት ጊዜ ገደማ ይሞላል (20,000 ሚሊአምፔር፣ 74 ዋት ሰዓት)። ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ስንት በመቶ እንደቀረው ስክሪኑ ላይ ያያሉ። በተራ ባለ 10 ዋት ቻርጀር ለመሙላት 9 ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ ማታ ሰክተው ይተኙ። ራውተር ያለ ተጨማሪ ገመድ አያሠራም። የስልክዎን ሞዴል ይላኩልን፣ ፈጣን ቻርጅ ይቀበል እንደሆነ እንነግርዎታለን።»

ከዚህ በታች ዋጋውና የሱቁ አድራሻ ይገባሉ። ቴሌግራም ከፎቶ ሥር በነጻ የሚፈቅደው 1,024 ፊደል ስለሆነ ሁሉም ይበቃዋል። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል የቀረው ሆን ተብሎ ነው፤ ሁሉም ሻጭ ስለሚጽፈው ገዢው ዘልሎት ያልፋል፤ በቦታው ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነ ቢጻፍ ይሻላል።