የቀዘቀዘ መልእክት ወደ ቡድን ከመላኩ በፊት እንዴት ይሞቃል?

«አይቻልም። ቆጠራው ቅዳሜ ነው።»

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ ሰው የያዘ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አንዲት ባልደረባችን ማታ ቁጭ ብላ ረጅም ሐሳብ ጻፈች። የወር መጨረሻ ቆጠራ ከቅዳሜ ወደ ዓርብ ከሰዓት ይዛወር፣ ሥራውም ለሁለት ቡድን ይከፈል ነው የምትለው። እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ አነበብኩትና ከላይ ያለውን መለስኩ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ግሩፑ ውስጥ «እሺ» እና አውራ ጣት ብቻ ነበር የሚገባው። ማንም ሐሳብ አላመጣም።

ኋላ ላይ ሻይ እየጠጣን ጠየቅኳት። «እምቢ ማለትህ አይደለም፤ ያነበብከው አልመሰለኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነገር ቢኖር ከዚህች ዓረፍተ ነገር የመጣ ነው።

መጀመሪያ ቀዝቃዛውን እንዳለ ጻፉት። ለማለት የፈለጋችሁት ነገር እዚያ ውስጥ ስላለ አትናቁት። ብቻ ግሩፑ ውስጥ አትጻፉት። እኔ የምጽፈው `Saved Messages` ላይ ነው። ጣት ይሳሳታል፤ ግሩፑ ሳጥን ውስጥ የተጀመረ ረቂቅ ሳያልቅ ይሄዳል። ቴሌግራም የላኩትን እስከ 48 ሰዓት ማረም ያስችላል፣ ግን ስልኩ ላይ ብቅ ያለውን ማሳወቂያ ያነበበ ሰው አንዴ አንብቦታል።

ቀጥሎ በተቀባዩ ቦታ ሆናችሁ አንብቡት። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንብበኸዋል ወይ? ለምን አልሆነም? አሁን ምን ላድርግ? የእኔ መልስ ለሦስቱም ዝም ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

መልእክት ማሞቅ ሲባል ቶሎ የሚታየን ስኳር መጨመር ነው። «ሰላም ውድ ባልደረቦቼ፣ እንዴት ናችሁ፣ ስለ ትጋታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ»፣ ከዚያ አበባ፣ ከዚያ የተጣመሩ እጆች። ከመጀመሪያው ጥፋቴ በኋላ ሌላ ጉዳይ ላይ ልክ እንደዚህ አደረግኩ። የፈረቃ ለውጥ ጠይቀውኝ እምቢ ለማለት ነበር የጻፍኩት። አመሰገንኩ፣ አደነቅኩ፣ «ወደፊት እናየዋለን» አልኩ። አንዱ ልጅ ተፈቅዷል ብሎ ሰኞ ጠዋት ቀረ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ እምቢታዬን እኔው አበባ ውስጥ ቀብሬዋለሁ።

መልእክቱን ያቀዘቀዘው ጭንቅላታችን ውስጥ የቀረው ምክንያት ነው። ዓርብ ከሰዓት ሁለት መኪና ይገባል፤ እስከ 11 ሰዓት ድረስ ይራገፋል። ዕቃ እየገባ ከተቆጠረ ደግሞ መዝገቡና መደርደሪያው አይገጥሙም። እኔ ይህን ስለማውቅ «አይቻልም» የሚለው ቃል ለእኔ ሙሉ ነበር። እሷ የመኪናዎቹን ፕሮግራም አይታ አታውቅም። ለእሷ የደረሳት ባዶ በር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንዱ ምክንያቱ ነው፤ ሰው ሊያየውና ሊከራከርበት በሚችል መልኩ። «ለሥራው አመቺ ስላልሆነ» ምክንያት አይደለም፣ የተሸፈነ «አይቻልም» ነው። ሁለተኛው ማንበባችሁን የሚያሳይ ነገር ነው። «ጥሩ ሐሳብ ነው» ማለት ማንበብን አያሳይም፤ ያላነበበም ይለዋል። ከጽሑፉ መሀል አንዲት ነገር አንሱ። እሷ ሥራው ለሁለት ይከፈል ብላ ነበር። እኔ በችኮላ ሳነብ ያለፍኩት ይህን ነው፤ ከሐሳቡ ሁሉ የሚጠቅመውም እሱ ነበር! ይህን ፍለጋ ስትገቡ ምንም ካላገኛችሁ ምናልባት በደንብ አላነበባችሁም።

አሁን መልእክቱ ይህን ይመስላል፦

«የጻፍሽውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የዚህ ወር ቆጠራ ቅዳሜ እንደሆነ ይቆያል። ዓርብ ሁለቱ መኪኖች እስከ 11 ሰዓት ስለሚያራግፉ ዕቃው እየገባ ብንቆጥር አይገጥምልንም። ለሁለት እንከፈል ያልሽው ግን ጊዜ ይቆጥብልናል፣ በዚህ ቅዳሜ እንሞክረው። ማን ከማን ጋር እንደሚሆን እስከ ሐሙስ ላኪልኝ።»

አራት ቃል ከነበረችው ብዙ ረዝማለች፣ ቢሆንም አንድም ምስጋና የለባትም። ውሳኔው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስላለ ተፈቅዷል ብሎ የሚቀር ሰው አይኖርም።

«ግን» የገባበትን ቦታ ልብ በሉ። «ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግን አይሆንም» ስንል «ግን» ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይውጠዋል። እምቢታው ቀድሞ «ግን» ከመጣ ጆሮ ላይ የሚቀረው ኋላ ያለው መልካሙ ነገር ነው። ቦታ ብቻ ነው የቀየርነው።

ግሶቹንም ተመልከቱ። «ይላክ»፣ «ይደረግ»፣ «እንዲቀርብ» የሚሉት የደብዳቤ ቋንቋ ናቸው። ማህተም ይሸታሉ። ማን እንዳዘዘ አይታወቅም፤ ማን እንደሚሠራም እንዲሁ። «ላኩልኝ» ሲባል አንድ የሚጠብቅ ሰው አለ። ይህች ትንሽ «ልኝ» ከ«እባካችሁ» የተሻለ ትሠራለች ባይ ነኝ። «እባካችሁ ሪፖርት በሰዓቱ ላኩ» ብዬ ስጽፍ የተማረርኩ ነበር የሚመስለው። ቃሉ በልመናም በምሬትም የምንጠቀምበት ስለሆነ፣ ድምፅ በሌለበት ጽሑፍ ላይ አንባቢው የትኛው እንደሆነ በምን ይወቅ? «ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል» ደግሞ ሌላ ችግር አለው፤ ግዴታ ለሆነ ነገር ከተጠቀማችሁበት ሰው ምርጫ ያለው ይመስለዋል።

«በድጋሚ»፣ «እንደተነገራችሁ»፣ «ማሳሰቢያ» የሚሉትን አውጡ። ምንም አይጎድልም።

ግሩፑ ውስጥ ትልቅ ሰው ካለ አጻጻፉን አስቡበት። እኛ ጋ አንቱ የምንላቸው ሾፌር አሉ። ለሁሉም የሚሆነውን «እናንተ» ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ ለእሳቸው ብቻ ከሆነ ለብቻቸው ደውሉ። ስም ጠርቶ የሚወቅስ ነገርም ግሩፕ ላይ አይሞቅም፣ ምንም ብታደርጉት።

ሁሉንም መልእክት አታሙቁ። «መኪናው ደርሷል፣ 3 ቁጥር በር» የሚል ነገር አጭር ሲሆን ነው ጥሩ። ሙቀት የሚያስፈልገው ሰው ሐሳብ፣ ጥያቄ ወይም ስህተት ይዞ ሲመጣና እናንተ እምቢ ወይም ቆይ ስትሉት ነው።

ቀዝቃዛው ቀድሞ ከሄደስ? አታጥፉት። ያየው አይቶታል፣ የጠፋ መልእክት ደግሞ ካለው በላይ ያስወራል። በሱ ሥር «ቅድም ምክንያቱን ሳልናገር ቸኩዬ ነው» በሉና ምክንያቱን ጻፉ። እኔ ይህን ያደረግኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ሻዩን ጠጥተን እንደተመለስን። መጀመሪያ አውራ ጣት ገባ። ማታ ላይ እሷ «መኪኖቹ ሐሙስ ቢገቡስ?» ብላ ጻፈች።